ሁለት አለቃ ያለው ማን ነው?

«በማትሪክስ አደረጃጀት ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለሁለት ኃላፊዎች ተጠሪ ነው። እውነት ወይስ ሐሰት?»

ማኔጅመንት የተማረ ሰው ይህን መሰል ጥያቄ በክፍል ፈተና፣ በመውጫ ፈተና ወይም ለቅጥር በሚሰጥ የጽሑፍ ፈተና ላይ ሳያገኘው አይቀርም። ብዙዎች «ማትሪክስ» የሚለውን ቃል ሲያዩ «ሁለት አለቃ» የሚለው ትርጓሜ ቀድሞ ስለሚመጣላቸው «እውነት» ብለው ያልፋሉ። መልሱ ግን ሐሰት ነው። የተሳሳቱትም ትርጓሜውን ስላላወቁ አይደለም፤ ትርጓሜውን ይዘው፣ ድርብ ተጠሪነት በአንድ ድርጅት ውስጥ ማን ላይ እንደሚያርፍ ሳያዩ በመቅረታቸው ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ፋንክሽናል፣ ዲቪዥናል እና ማትሪክስ የሚባሉት ሦስቱ አደረጃጀቶች ምን ችግር ለመፍታት እንደተፈጠሩ ማወቅ ይጠይቃል። የመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱን በሠንጠረዥ ጎን ለጎን ደርድረው ጥቅምና ጉዳታቸውን ያስቆጥራሉ። ከሠንጠረዡ ይልቅ ታሪካቸው ብዙ ያስረዳል።

ታሪኩ ዱፖን ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይነሳል። ዱፖን በ1802 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመሠረት ሥራው ባሩድ ማምረት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ዋና ሥራው ፈንጂ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኩባንያው የተደራጀው በሥራ ዓይነት ነው፤ ማምረቻው አንድ መምሪያ፣ ሽያጩ አንድ መምሪያ፣ ግዢው አንድ መምሪያ፣ ገንዘቡም እንዲሁ። የማምረቻው ኃላፊ ፋብሪካዎችን ሁሉ ያዛል፤ የሽያጩ ኃላፊ ሻጮችን ሁሉ ያዛል። የመምሪያ ኃላፊዎቹ የሚገናኙት ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ነው። ፋንክሽናል አደረጃጀት የሚባለው ይህ ነው። አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ፣ አንዱ ከሌላው ይማራል፣ አንድ መሣሪያ ሁለት ቦታ አይገዛም። እያንዳንዱ ሠራተኛም አንድ አለቃ ብቻ አለው።

ለፈንጂ ይህ አደረጃጀት እጅግ ተስማሚ ነበር። ምርቱ ተቀራራቢ፣ ገዢውም ተቀራራቢ ነውና። የማዕድን ኩባንያዎች፣ የመንገድና የባቡር ሐዲድ ሥራ ተቋራጮች፣ እንዲሁም መንግሥት በብዛት ይገዛሉ።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1914 ወደ 5,300 ገደማ የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በ1918 ከ85,000 በላይ ደረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ይህን ሁሉ ፋብሪካ ምን እናድርገው የሚል ጥያቄ ተነሳ። ኩባንያው ያለውን የኬሚስትሪ እውቀት ይዞ ወደ ቀለም፣ ወደ ማቅለሚያ፣ ወደ ሰው ሠራሽ ቆዳና ወደ ፕላስቲክ ዓይነት ምርቶች ገባ። አደረጃጀቱ ግን ያው የፈንጂ ዘመን አደረጃጀት ነበር።

ችግሩ በቀለም ላይ ጎልቶ ታየ። ዱፖን ብዙ ቀለም በሸጠ ቁጥር ብዙ ይከስር ነበር። በዚያው ገበያ ላይ ያሉና ከእርሱ በእጅጉ የሚያንሱ ኩባንያዎች ደግሞ ያተርፉ ነበር። ምክንያቱን ለመፈለግ የተቋቋመው ኮሚቴ የደረሰበት ነገር ቀለሙን የሚነካ አልነበረም። የማምረቻው መምሪያ የሚመዘነው በማምረት ነው፤ የሽያጩ መምሪያ የሚመዘነው በመሸጥ ነው። ባሩድን በቶን ለአንድ ተቋራጭ መሸጥ የለመደ ሻጭ አሁን ቀለምን በቆርቆሮ ለሱቅ ነጋዴና ቤቱን ለሚቀባ ሰው መሸጥ ነበረበት። ቀለም በመክሰሩ የሚጠየቅ አንድም ሰው ግን አልነበረም። ለቀለም ትርፍና ኪሳራ ኃላፊነት የነበረበት ፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው፤ እርሱም የሌሎቹ ምርቶች ሁሉ ኃላፊ ነው።

ኮሚቴው በ1920 ኩባንያው በምርት እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ኢሬኔ ዱፖን አልተቀበሉትም። የሙያ ክፍፍልን ማፍረስ ቅልጥፍናን ማፍረስ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። በ1921 የኢኮኖሚ ድቀት መጥቶ ከፈንጂ በቀር ሌሎቹ ምርቶች ሲከስሩ ግን ክርክሩ አበቃ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ዱፖን አምስት የምርት ዘርፎች አቋቋመ፤ ፈንጂ፣ ማቅለሚያ፣ ቀለምና ኬሚካል፣ እንዲሁም ሁለት የሰው ሠራሽ ቁስ ዘርፎች። እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ማምረቻ፣ የራሱ ሽያጭ፣ የራሱ ሒሳብ ኖረው። የዘርፉ ኃላፊም ለትርፉና ለኪሳራው ተጠያቂ ሆነ። ዲቪዥናል አደረጃጀት ይህ ነው። የታሪክ ምሁሩ አልፍሬድ ቻንድለር በ1962 ባሳተመው ጥናት ይህን ለውጥ ከጄኔራል ሞተርስና ከሌሎች ሁለት ኩባንያዎች ለውጥ ጋር አነጻጽሮ ከመረመረ ወዲህ የዱፖን ታሪክ የማኔጅመንት ትምህርት አካል ሆኗል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የፈተና ወጥመድ ይታያል። በዲቪዥናል አደረጃጀት ውስጥ በየዘርፉ ፋንክሽናል ክፍሎች አሉ። የቀለም ዘርፍ የራሱ ሽያጭ ክፍል አለው፤ የፈንጂ ዘርፍም የራሱ። ጠያቂው «አንድ ኩባንያ የሽያጭ፣ የማምረቻና የፋይናንስ ክፍሎች አሉት፤ አደረጃጀቱ ምንድን ነው?» ብሎ ቢያቆም መልስ የለውም፤ ሁሉም ኩባንያ እነዚህ አሉትና። መታየት ያለበት ከዋናው ሥራ አስኪያጅ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ክፍፍል ነው። ከሥራ አስኪያጁ ሥር የተሰለፉት «ሽያጭ፣ ማምረቻ፣ ፋይናንስ» ከሆኑ ፋንክሽናል ነው። «ቀለም፣ ፈንጂ፣ ማቅለሚያ» ወይም «ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ» ከሆኑ ዲቪዥናል ነው። በሁለቱም ሠራተኛው አንድ አለቃ ብቻ አለው። በቀለም ዘርፍ ያለ ሻጭ ተጠሪነቱ ለዘርፉ የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ ያም ለዘርፉ ኃላፊ ተጠሪ ነው። ሁለት ኃላፊዎች አሉ፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው በላይ ናቸውና ይህ የዕዝ ሰንሰለት እንጂ ድርብ ተጠሪነት አይደለም። «ሁለት ኃላፊ» የሚለውን ብቻ አይቶ ማትሪክስ የሚል ተማሪ እዚህ ይወድቃል።

ከዱፖን ታሪክ ተነስቶ ፋንክሽናል አደረጃጀት የትንንሽ ኩባንያ፣ ዲቪዥናል የትልልቆች ነው ብሎ መደምደም ያጓጓል። አፕል ይህን ድምዳሜ ያፈርሳል። ስቲቭ ጆብስ በ1997 ወደ ኩባንያው ሲመለሱ አፕል በምርት ዘርፎች የተከፋፈለ ነበር። ጆብስ የዘርፎቹን ሥራ አስኪያጆች በአንድ ቀን አሰናብተው መላውን ኩባንያ በአንድ የትርፍና ኪሳራ መዝገብ ሥር አደረጉት፤ ዲዛይን፣ ሃርድዌር፣ ሶፍትዌር፣ ግብይት እያሉ በሙያ አዋቀሩት። በ2019 የአፕል ሠራተኞች ወደ 137,000 ደርሰው ነበር፤ አደረጃጀቱ ግን ፋንክሽናል እንደሆነ ነበር። የስልክ ኃላፊ ወይም የኮምፒውተር ኃላፊ የሚባል የትርፍ ባለቤት የለም። የሚወስነው የኩባንያው መጠን ሳይሆን ምርቶቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። የአፕል ስልክና ኮምፒውተር የሚጋሩት እውቀት ብዙ ነው፤ የዱፖን ቀለምና ፈንጂ የሚጋሩት ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው አደረጃጀት የመጣው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲፈለጉ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአሜሪካ የአውሮፕላንና የሚሳይል አምራቾች ከመንግሥት ጋር ሲዋዋሉ፣ መንግሥት ለአንድ ፕሮጀክት የሚጠየቅ አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። በሌላ በኩል እንደ ራዳር ወይም እንደ ሞተር ባሉ ሙያዎች የተካኑ መሐንዲሶች ጥቂቶች ስለነበሩ ለየፕሮጀክቱ ከፋፍሎ መስጠት አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ ባለሙያው ከሙያ ባልደረቦቹ ተነጥሎ ይደርቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ በሙያው ለሙያ ክፍሉ ኃላፊ፣ በሥራው ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ተጠሪ እንዲሆን ተደረገ። ሁለቱ መስመሮች በእርሱ ላይ ተሻገሩ። ማትሪክስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ መሻገር ነው።

ነገሩ ደፋር ነበር። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ ሄንሪ ፋዮል በ1916 ባወጣቸው 14 የአስተዳደር መርሆች ውስጥ አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ መቀበል ያለበት ከአንድ አለቃ ብቻ ነው የሚል መርህ አለ፤ የዕዝ አንድነት ይባላል። ማትሪክስ ይህን መርህ ሆን ብሎ ይጥሳል። ስለዚህ ፈታኙ «ከሚከተሉት ውስጥ የማትሪክስ ጥቅም ያልሆነው የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ ከምርጫዎቹ አንዱ «የዕዝ አንድነትን ማስጠበቅ» ቢሆን መልሱ እርሱ ነው። ጥያቄው «ያልሆነው» ስለሚል ብቻ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የዕዝ አንድነት» ማለት መልካም ነገር ይመስላል፤ መልካም የሚመስለውን ሁሉ ደግሞ ጥቅም ነው ብሎ ማለፍ ይቀናል። ከፋዮል መርሆች ሌላው፣ የአቅጣጫ አንድነት የሚባለው፣ ለአንድ ዓላማ የሚደረጉ ሥራዎች አንድ ዕቅድና አንድ መሪ ይኑራቸው የሚል ነው። ይህ የሚናገረው ስለ ሥራው ነው፤ የዕዝ አንድነት ደግሞ ስለ ሠራተኛው። የፕሮጀክት ኃላፊ መሾም አቅጣጫን አንድ ያደርጋል፤ ዕዝን ግን ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ፈታኞች ሁለቱን አቀያይረው መጠየቅ ይወዳሉ።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ቴይለር በ1903 ባሳተመው ሥራ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በስምንት አለቆች እንዲመራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አንዱ ስለ ማሽኑ ፍጥነት፣ አንዱ ስለ ጥራት፣ አንዱ ስለ ጥገና፣ አንዱ ስለ ጊዜና ወጪ፣ አንዱ ስለ ዲሲፕሊን እያሉ ይቀጥላሉ። የዚህ ሐሳብ ስም «ፋንክሽናል ፎርማንሺፕ» ነው። ስሙ ከፋንክሽናል አደረጃጀት ጋር ይመሳሰላል፤ ይዘቱ ግን ተቃራኒ ነው። በፋንክሽናል አደረጃጀት ሠራተኛው አንድ አለቃ አለው፤ በቴይለር ሐሳብ ስምንት። «የዕዝ አንድነትን የሚጥሰው የቱ ነው?» ተብሎ ሁለቱ በምርጫ ቢቀርቡ መልሱ የቴይለሩ ነው። ፋዮልም ቢሆን ቴይለርን የተቸው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

ወደ ማትሪክስ ስንመለስ፣ ከሁሉ ይልቅ የተጠናው ምሳሌ ኤቢቢ ነው። ኤቢቢ የተወለደው በ1988 የስዊድኑ አሴአና የስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቨሪ ሲዋሃዱ ነው። ሥራው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ፣ ትራንስፎርመር፣ ሞተር፣ የባቡር መሣሪያ ነበር። ስዊድናዊው መሪ ፐርሲ ባርኔቪክ ብዙ ሌሎች ኩባንያዎችን ጠቅልለው ካስገቡ በኋላ ኤቢቢ ከ200,000 በላይ ሠራተኞችና ከ1,000 በላይ አገር በቀል ኩባንያዎች ነበሩት። ዙሪክ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ግን በጣም ትንሽ ነበር።

የባርኔቪክ ችግር ይህ ነበር። ትራንስፎርመር የሚገዙት በአብዛኛው የየአገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቶች ናቸው። እነዚህ ደግሞ ከአገራቸው ፋብሪካ መግዛት ይመርጣሉ፤ መንግሥትም ለአገሩ ሠራተኞች ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ኤቢቢ በየአገሩ አገሬ መምሰል አለበት። በሌላ በኩል በየአገሩ ያለው ፋብሪካ በየራሱ ዲዛይን ቢሠራ፣ በየራሱ ብረት ቢገዛ፣ በውጭ ገበያ ላይ ደግሞ አንዱ የኤቢቢ ፋብሪካ ከሌላው የኤቢቢ ፋብሪካ ጋር በዋጋ ቢሻኮት ኩባንያው ይጎዳል። በአገር ብቻ ቢከፋፈል ዓለም አቀፍ አቅሙ ይበተናል፤ በምርት ብቻ ቢከፋፈል የአገር ውስጥ ገዢው ይሸሻል።

ስለዚህ ሁለት መስመሮች ተዘረጉ። በአንደኛው የአገር ሥራ አስኪያጆች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በአገራቸው ያለውን ኤቢቢን ሁሉ ይመራሉ። በሌላው የምርት ዘርፍ ኃላፊዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ምርት በዓለም ዙሪያ ይመራሉ። የትራንስፎርመሩ ዘርፍ ኃላፊ የሚሠሩት ማንሃይም፣ ጀርመን ሆነው በብዙ አገሮች ያሉ ፋብሪካዎችን ይመሩ ነበር። መስመሮቹ የሚሻገሩት የአንዱ አገር የአንዱ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ላይ ነው። እርሱ ለአገሩ ሥራ አስኪያጅም፣ ለዘርፉ ኃላፊም ተጠሪ ነው።

ይህ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በአንድ ግምታዊ ጉዳይ እንየው። ከሦስተኛ አገር የትራንስፎርመር ትእዛዝ መጣ እንበል። የዘርፉ ኃላፊ ትእዛዙን ሥራ ላነሰበት ለሌላ አገር ፋብሪካ መስጠት ይፈልጋሉ፤ በዚያ ወጪው ያንሳል። የአገሩ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቱ ጋር ስለ ሌላ ትልቅ ጨረታ እየተነጋገሩ ነውና ፋብሪካው ሠራተኛ እንዲቀንስ አይፈልጉም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በመካከል ናቸው። ትእዛዙን ቢያጡ የፋብሪካቸው ትርፍ ይቀንሳል፤ የዘርፉን ኃላፊ ቢቃወሙ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛው ገበያ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት እኒያው ናቸው። ሁለቱም አለቆች ምዘናቸው ላይ እጃቸው አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስቱም ተያይዘው ወደ ላይ መውጣት አለባቸው፤ ሁለቱን የሚያዝ የመጀመሪያው የጋራ አለቃ ያለው የኩባንያው አናት ላይ ነው።

የጽሑፉ መነሻ ጥያቄ እዚህ ይፈታል። በኤቢቢ ድርብ ተጠሪነት የሚያርፈው በዋናነት በአገር በቀል ኩባንያዎቹ መሪዎች ላይ ነው። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሽቦ የሚጠመጥም ሠራተኛ አንድ የቅርብ ኃላፊ አለው። የሒሳብ ሠራተኛዋም የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ አላት። ከ200,000 በላይ ሠራተኞች ውስጥ በሁለቱ መስመሮች መገናኛ ላይ የቆሙት ጥቂቶች ናቸው። ስታንሊ ዴቪስና ፖል ሎረንስ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1977 ባሳተሙት የማትሪክስ ጥናት እነዚህን «ሁለት አለቃ ያላቸው ሥራ አስኪያጆች» ብለው ለይተዋቸዋል። እንደ ገለጻቸው መዋቅሩ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ከላይ አንድ የጋራ መሪ፣ በሁለቱ ጎኖች ሁለት የመስመር ኃላፊዎች፣ ከታች ሁለት አለቃ ያለው ሰው። ላይኛው መሪ ከማትሪክሱ ውጭ ነው፤ ከታችኛው ሰው በታች ያሉት ሠራተኞችም ውጭ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «እያንዳንዱ ሠራተኛ» ቢል ሐሰት ነው፤ «አንዳንድ ሠራተኞች» ወይም «አንድ ሠራተኛ ለሁለት ኃላፊዎች ተጠሪ ሊሆን ይችላል» ቢል እውነት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው «እያንዳንዱ» የሚለው ቃል ነው።

ሌላው አሳሳች አጻጻፍ የተጠሪነትን አቅጣጫ ይገለብጣል። «ሁለት ተጠሪዎች ያሉት ሥራ አስኪያጅ» ማለት ከሥሩ ሁለት ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ ይህ የቁጥጥር ስፋት ጉዳይ ነው፤ በየትኛውም አደረጃጀት ይገኛል። «ለሁለት ኃላፊዎች ተጠሪ የሆነ ሥራ አስኪያጅ» ማለት ከበላዩ ሁለት አሉ ማለት ነው። በጥድፊያ ለሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። መፍትሔው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብና ቀስቶች መሳል ነው፤ ከነጥቡ ወደ ላይ የሚወጡት ቀስቶች ሁለት ካልሆኑ ማትሪክስ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በመዋቅር ሥዕል ላይ በተቆራረጠ መስመር የሚታየው ግንኙነት ነው። ፈተናው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «አንድ የሳሙና አምራች ኩባንያ በምርት ዘርፎች የተከፋፈለ ነው። የየዘርፉ የሒሳብ ኃላፊ ተጠሪነቱ ለዘርፉ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በየወሩ ለዋናው መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊ ሪፖርት ይልካል፤ የሒሳብ አያያዝ መመሪያም ከእርሱ ይቀበላል። አደረጃጀቱ ምንድን ነው?» ብዙዎች ማትሪክስ ይላሉ። መልሱ ዲቪዥናል ነው። ሪፖርት መላክና መመሪያ መቀበል ተጠሪነት አይደለም። ተጠሪነትን ለመለየት የሚረዳው ጠንካራ መመዘኛ ጠብ ሲነሳ የት እንደሚያልቅ መጠየቅ ነው። የዋናው መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊና የዘርፉ ሥራ አስኪያጅ ስለዚያ ሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ካልተስማሙ፣ የዘርፉ ሥራ አስኪያጅ ወስነው ነገሩ የሚያበቃ ከሆነ የፋይናንሱ መስመር የተቆራረጠ መስመር ነው። ሁለቱም እኩል ሥልጣን ኖሯቸው ጉዳዩ ወደ ጋራ አለቃቸው መውጣት ካለበት ግን ማትሪክስ ነው። የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን የሚፈርመው፣ የደመወዝ ጭማሪውን የሚወስነው፣ የሚያዛውረው ማን እንደሆነ ማየት ይህንኑ ያረጋግጣል። የፈተናው ጽሑፍ እነዚህን ካልጠቀሰ ሊተማመኑበት የሚገባው «ተጠሪነቱ» የሚለው ቃል የተቀመጠበት ቦታ ነው።

በፕሮጀክት አስተዳደር ፈተናዎች ላይ ደግሞ ማትሪክስ ደካማ፣ ሚዛናዊና ጠንካራ ተብሎ ይከፈላል። በደካማው የፕሮጀክቱ ሰው አስተባባሪ ብቻ ነው፤ በጀቱ በሙያ ክፍሉ ኃላፊ እጅ ነው። በጠንካራው በጀቱ በፕሮጀክቱ ኃላፊ እጅ ነው። በሚዛናዊው ይጋሩታል። «ጠንካራ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው የፕሮጀክቱን ወገን ጥንካሬ ነው እንጂ የድርብ ተጠሪነቱን መብዛት አይደለም። በጠንካራ ማትሪክስ ሠራተኛው ሦስት አለቃ አይኖረውም።

ማትሪክስ ሲበላሽ የሚያሳያቸው ምልክቶችም አሉ። ዴቪስና ሎረንስ በ1978 ሲዘረዝሯቸው ከጠቀሷቸው ውስጥ የሥልጣን ትግል፣ ሁሉንም ነገር በስብሰባ የመወሰን ልማድና የውሳኔ መታነቅ ይገኙበታል። የመጨረሻው በቀላሉ ይታወቃል፤ አንድ ወረቀት ሁለት ፊርማ ሲጠብቅ ቀናት ያልፋሉ። ሌላው ብዙ የማይነገርለት ምልክት ማትሪክሱ ወደ ታች መስመጡ ነው። አናት ላይ ያሉት ኃላፊዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ክርክሩን ወደ ታች ያወርዱታል፤ ሁለት አለቃ ሊኖራቸው የማይገባ ሠራተኞችም ሁለት አለቃ ያገኛሉ። ገበያ ሲወድቅ ደግሞ መሪዎች ማትሪክሱን በአንድ ትእዛዝ አፍርሰው አንዱን መስመር ብቻ ያስቀራሉ።

ኤቢቢ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ባርኔቪክን የተኩት ጎራን ሊንዳል በ1998 የክልል ኃላፊዎችን እርከን አስቀርተው የምርት ዘርፎቹን አጠነከሩ። በ2001 ተከታያቸው ኩባንያውን በደንበኛ ዓይነት አደራጁት። በ2002 ኩባንያው በዕዳና በአስቤስቶስ ክስ ሲጨነቅ አዲሱ መሪ ዩርገን ዶርማን ሁሉንም በሁለት ዘርፎች ጠቀለሉት። ይህ ሁሉ ሆኖ የአገርና የምርት መሻገሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። ኤቢቢ የኃይል ማስተላለፊያ ሥራውን ለሂታቺ መሸጡን በታኅሣሥ 2018 ባስታወቀበት ቀን፣ ነባሩን የማትሪክስ አደረጃጀት ማስቀረቱንም አስታወቀ።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከኤቢቢ የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ኃላፊው በአንድ በኩል የወረዳው አስተዳደር አካል ናቸው፤ በወረዳው አስተዳዳሪ ይመራሉ፤ በጀታቸውን የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በሌላ በኩል ከዞኑና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በሙያ የተሳሰሩ ናቸው፤ የክትባት ዘመቻ ዕቅድ፣ የሪፖርት ቅጽ፣ የሕክምና መመሪያ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥናቶች ይህን ድርብ ተጠሪነት ይሉታል። ዝርዝሩ ከክልል ክልል ይለያያልና በጥቅሉ ማትሪክስ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም፤ መመዘኛውን በአንድ ጉዳይ ላይ ማዋል ግን ይቻላል። ለምሳሌ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ለክትባት ዘመቻ ሊወጣ ሲል ወረዳው ለሌላ አስቸኳይ ሥራ ፈለገው እንበል። መኪናውንም ኃላፊውንም የሚያዙት አስተዳዳሪው ሆነው የጤና ቢሮው ማድረግ የሚችለው መጠየቅና ማሳሰብ ብቻ ከሆነ፣ የቢሮው መስመር የተቆራረጠ መስመር ነው። የጤና ቢሮውም በኃላፊው ሹመት፣ ምዘናና በጀት ላይ ድምፅ ኖሮት ክርክሩ ሁለቱን ወደሚያዝ የክልሉ መስተዳድር የሚወጣ ከሆነ ግን ኃላፊው እንደ ኤቢቢ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በሁለት መስመሮች መገናኛ ላይ ናቸው። በሁለቱም ሁኔታ፣ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለችው የመድኃኒት መዝገብ ያዥ አንድ የቅርብ ኃላፊ ብቻ አላት።